ጥቁር ኤርፖድ በጥቁር ወለል ላይ፦ የስልክና የጆሮ ማዳመጫ ምስልን በጽሑፍ ትእዛዝ የመሥራት ዳሰሳ

በመካኒሳ፣ በጀርመን አደባባይ ዙሪያ ባሉት የስልክና የአክሰሰሪ ሱቆች የሚሸጠው ዕቃ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል፣ ሳምሰንግ፤ ከነሱ ጎን የኦራይሞ ቻርጀርና ሁሉም ሰው በደፈናው ኤርፖድ የሚለው ገመድ አልባ ማዳመጫ ይደረደራል። በስም ከተጠቀሱት ውስጥ ከሳምሰንግ በቀር ሁሉም የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስልክ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገጣጥማል። ዕቃው አንድ ከሆነ በሱቅና በሱቅ መካከል የሚለየው ዋጋው፣ የባለሱቁ ጠባይና ደንበኛው መጀመሪያ የሚያየው ምስል ነው። ያንን ምስል ደግሞ ደንበኛው አሁን የሚያየው ሱቁ ድረስ ሄዶ ሳይሆን በቴሌግራም ቻናል ወይም በቲክቶክ ላይ ነው።

ሁሉም ባለሱቅ የሚመኘው ምስል ይታወቃል። አንድ ዕቃ ብቻውን ይቆማል፤ ከኋላው ጨለማ ነው፤ ጠርዙን ቀጭን ነጭ ብርሃን ይከበዋል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ወለል ደግሞ ዕቃውን ጥርት አድርጎ መልሶ ያሳያል። የማስታወቂያ ባለሙያዎች ሂሮ ሾት ይሉታል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን የሚያሠሩት በስቱዲዮ፣ ከብዙ ሰዓት ዝግጅት በኋላ ነው። ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ከተከፈቱ ወዲህ ግን ማንም ሰው ፍላጎቱን በጽሑፍ አዝዞ ተመሳሳይ መልክ ያለው ምስል ማግኘት ችሏል። ትእዛዙን ሁሉም ሰው ፕሮምፕት ይለዋልና እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በፕሮምፕት የሚሠራ የስልክ ወይም የኤርፖድ ምስል ጠርዙም ነጸብራቁም ትክክል እንዲሆን ምን ይጠይቃል? በቴሌግራም ከማያቸው ምስሎች ብዙዎቹ ለአፍታ ዓይን ይስባሉ፤ ትንሽ ቆም ብሎ ለሚያይ ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ምን እንደሆነ በቃል መናገር የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። የማይነገረው ስሕተት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነጸብራቁ ላይ ነው።

ከፕሮምፕቱ በፊት ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ጥቁርና ለስላሳ ፕላስቲክ ከራሱ የሚመልሰው ብርሃን በጣም ትንሽ ነው። ላዩ ላይ የምናየው ብሩህ ነገር ሁሉ በፊቱ ያለው ሌላ ነገር ነጸብራቅ ነው። ጥቁር የኤርፖድ ሳጥን ሱቁ ውስጥ ባንኮኒ ላይ ቢቀመጥ ላዩ ላይ የሚታየው የጣሪያው መብራት፣ የበሩ ብርሃንና የባለሱቁ ሸሚዝ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዕቃ ፎቶ የሚያነሣ ባለሙያ መብራቱን ዕቃው ላይ አያበራም፤ ዕቃው የሚያንጸባርቀውን ነገር ያዘጋጃል። ረጅምና ጠባብ መብራት ከኋላ በግራና በቀኝ ሲቆም በዕቃው ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሪም ላይት የሚባለው ይህ ነው። ሰፊ ነጭ ጨርቅ ወይም አሳላፊ ወረቀት ከላይ ተወጥሮ ከጀርባው ሲበራበት ደግሞ ክዳኑ ላይ ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ የሚጠፋ ብርሃን ይሆናል።

በየሱቁ የተለመደው ሪንግ ላይት ለዚህ ሥራ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለፊት ጥሩ ነው፤ የቆዳን ጥላ ያለሰልሳል። ለስልክ መስታወት ግን ክብ መብራት ማለት መስታወቱ ላይ የሚታይ ክብ ነጭ ቀለበት ማለት ነው። በቴሌግራም ላይ የስልክ ጀርባ መሐል ላይ ነጭ ቀለበት ካያችሁ ፎቶው የተነሣው በሪንግ ላይት ነው።

ነጭ ኤርፖድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ፕሮምፕት ለሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ውጤቱም ይበላሻል። ነጭ ፕላስቲክ ከራሱ ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ ላዩ ላይ የሚጨመረው ነጸብራቅ እምብዛም አይታይም። ጥቁር ወለልና ጥቁር ጀርባ ካለው ጠርዙ ያለ ብዙ ድካም ይለያል። በነጭ ጀርባ ላይ ግን ሪም ላይት ብንጨምርበት ጠርዙ ጭራሽ ይጠፋል። በስቱዲዮ በነጭ ላይ ነጭ ሲያነሡ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ካርቶን ያቆማሉ፣ ጎኖቹ ይጠቁራሉ፣ ቅርጹም ይወጣል። በፕሮምፕትም እንደዚሁ ነው፤ ለነጭ ዕቃ በነጭ ጀርባ ላይ የሚጠየቀው ብሩህ ጠርዝ ሳይሆን ጥቁር ፓኔልና ጠቆር ያለ ጠርዝ ነው።

አሁን ወደ ፕሮምፕቱ እንምጣ። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ይህን ይመስላል፦

```
black earbuds, hero shot, stunning, rim light,
clean reflections, luxury, 8k
```

ከዚህ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ጥቂት ነው። አስደናቂ፣ ቅንጡ፣ ባለ 8ኬ የሚሉት ቃላት ለምስሉ የሚሰጡት አጠቃላይ ስሜት ነው እንጂ መብራቱ የት እንደቆመ፣ ወለሉ ከምን እንደተሠራ፣ ካሜራው ከየት እንደሚያይ አይናገሩም። እነዚህን ያልተነገሩትን ነገሮች መሣሪያው ከተማረባቸው ብዙ ምስሎች አማካይ አውጥቶ ይሞላቸዋል። ውጤቱ ይታወቃል፤ አንዱ ኤርፖድ ላይ ብርሃኑ ከግራ፣ ሌላው ላይ ከቀኝ ይመጣል፤ ወለሉ እንደ ውኃም እንደ መስታወትም ይሆናል፤ ሁለት መሆን የሚገባው ኤርፖድ አንዳንዴ ሦስት ይሆናል።

ሪም ላይት ብሎ መጻፍም ብቻውን በቂ አይደለም። ቃሉ የሚሰይመው ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱን አይደለም። የተሻለው መንገድ ስቱዲዮውን መጻፍ ነው፤ ዕቃው በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ያንጸባርቅ ነበር ብሎ ማሰብ። ለተዘጋ ጥቁር የኤርፖድ ሳጥን እንዲህ ይጻፋል፦

```
Closed glossy black earbuds case standing on a sheet of
glossy black acrylic in a dark studio. Two tall narrow
softboxes behind it, left and right, outside the frame,
giving one thin white line along each side edge. A large
white diffusion panel overhead, its light fading from
front to back across the lid. Camera low, about 10 degrees
above the table, 85mm lens. The reflection meets the base
of the case and fades out toward the bottom of the frame.
```

በዚህ ውስጥ ያሉት ቃላት ሁሉ በእጅ ሊያዙ የሚችሉ ነገሮች፣ ወይም ቦታና ማዕዘን ናቸው። ሁለት መብራቶች፣ የት እንደቆሙ፣ ምን ምልክት እንደሚጥሉ፤ አንድ ወለል፣ ከምን እንደተሠራ፤ አንድ ካሜራ፣ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን አይቃረንም። ትልቁ ችግር ያለው ግን ብዙ ሰው ሳያስተውል በሚያልፋቸው ሁለት ዝርዝሮች ላይ ስለሆነ እነሱን ለብቻ ላንሣ፤ የወለሉ ዓይነትና የካሜራው ከፍታ።

ወለሉን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው መስታወት ወይም የመስታወት ጠረጴዛ ነው። መስታወት ግን የሚያንጸባርቀው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ከላይኛው ገጹ፣ ሌላ ጊዜ ከታችኛው። የፊት መመልከቻ መስታወትም እንዲሁ ነው፤ ብሩ የተቀባው ከጀርባው ስለሆነ ከፊት ለፊቱ ገጽ ደካማ፣ ከጀርባው ደግሞ ብርቱ ምስል ይመልሳል። በዚህ የተነሣ የዕቃው ጠርዝ በነጸብራቁ ውስጥ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ጥላ የተከተለው ይመስላል። ጥቁር አክሪሊክ ግን ብርሃን አያሳልፍም፤ ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን እዚያው ይቀራል፤ የሚመለሰው የላይኛው ገጽ ነጸብራቅ ብቻ ነው። ጥርት ያለ ነጸብራቅ የሚባለው ከዚህ የሚገኘው ነው። የስቱዲዮ ፎቶ አንሺዎች ጥቁር አክሪሊክን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ የምስል መሣሪያዎቹም የእነሱን ፎቶዎች አይተው ስለተማሩ ፕሮምፕት ውስጥ ስሙ ሲጻፍ ትክክለኛውን መልክ ያመጣሉ።

የካሜራው ከፍታ ደግሞ የነጸብራቁን ብርታት ይወስናል። አክሪሊክን ቀጥ ብለን ከላይ ብናየው የሚመልሰው ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለን ብናየው 5 በመቶ ይሆናል፤ ልዩነቱ ለዓይን አይታወቅም። ዝቅ ብለን ከጠረጴዛው 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስንሆን ግን ከሲሶ በላይ ይመልሳል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ሆራ አርሰዲን ማለዳ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከእግር ሥር ያለው ውኃ ውስጡን ያሳያል፣ ራቅ ያለው ግን ሰማዩን። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የታየ ኤርፖድ፣ ብርቱ የመስታወት ነጸብራቅ ካለው ወለል ጋር የሚል ፕሮምፕት እርስ በርሱ ይጋጫል። ከላይ ሲታይ ዕቃው የራሱን ነጸብራቅ ይሸፍናል፤ ያልተሸፈነውም ደካማ ነው። መሣሪያው ሁለቱንም ለማስደሰት ሲሞክር ከሁለት ማዕዘን የታየ ምስል ይሠራል፤ ሳጥኑ ከላይ ይታያል፣ ነጸብራቁ ግን ከጎን። ዓይን ይህን ይይዘዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የማጣራት ሥራ ነው። አሁን ያሉት የምስል መሣሪያዎች የብርሃን ጨረርን መንገድ አያሰሉም። ባለ ሦስት አውታር ስቱዲዮ ውስጣቸው የለም፤ የሚያውቁት ነጸብራቅ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚመስል ነው። ስለዚህ ጥሩ ፕሮምፕትም ቢሆን አንዳንዴ ስሕተት ያወጣል፤ ስሕተቱን መለየት ያለበት ሰው ነው። እኔ የምመክረው ምስሉን መቶ በመቶ አድርጎ አጉልቶ ነጸብራቁን ብቻ ማየት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ዕቃው ወለሉን የሚነካበት ቦታ ነው። ዕቃውና ነጸብራቁ እዚያ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ በመካከላቸው ቀጭን ጥቁር ክፍተት ካለ ዕቃው በአየር ላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው። የተጠጋጋ ሥር ያለው ሳጥን ከሆነ የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ አካባቢ ብቻ ነው፤ ጠርዞቹ ከወለሉ ከፍ ስለሚሉ ነጸብራቃቸውም በዚያው ልክ ይርቃል። ጠፍጣፋ ሥር ያለው ስልክ ቆሞ ከሆነ ግን መገናኛው ሙሉ መስመር ነው።

ሁለተኛው ብዙዎች የሚስቱት ነው። ነጸብራቅ የዕቃው ግልባጭ ፎቶ አይደለም። ወለሉ ዕቃውን የሚያየው ከሥር ነው፤ ስለዚህ ነጸብራቁ የሚያሳየው ወለሉ የሚያየውን፣ የዕቃውን ጎኖችና የታችኛውን ገጽ ነው። ካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ የሳጥኑን ክዳን የሚያይ ከሆነ የክዳኑ የላይኛው ገጽ በነጸብራቁ ውስጥ መታየት የለበትም። በካንቫ ወይም በስልክ መተግበሪያ ፎቶውን ገልብጦ ከሥር የሚለጥፍ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ ክዳኑ ሁለት ጊዜ ይታያል። የምስል መሣሪያዎቹም እንዲህ ያሉ የተገለበጡ ምስሎችን በብዛት ስላዩ ይህንኑ ስሕተት ይደግማሉ። መፍትሔው ካሜራውን በጣም ዝቅ ማድረግ ነው፤ ካሜራው ከዕቃው ጎን ትክክል ሲሆን በግልባጩና በትክክለኛው ነጸብራቅ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። ከላይ ባለው ፕሮምፕት ውስጥ 10 ዲግሪ የተጻፈው ነጸብራቁን ለማበርታት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው።

ሦስተኛው በማስመሪያ የሚሠራ ነው። ከዕቃው ላይ ግልጽ የሆነ ነጥብ ይመረጣል፤ ለምሳሌ የሳጥኑ የመብራት ምልክት። ከዚያ ነጥብ ወደ ነጸብራቁ መስመር ይሰመራል። ሌላ ነጥብ ተመርጦ እንዲሁ ይደረጋል። ካሜራው አግድም ከሆነ መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉና ትይዩ ይሆናሉ፤ ካሜራው ወደ ታች ካዘነበለ ሁሉም ከምስሉ በታች ወደ አንድ ነጥብ ይሄዳሉ። መስመሮቹ ትይዩም ካልሆኑ፣ ወደ አንድ ነጥብም ካልሄዱ ነጸብራቁ የሌላ ዕቃ ነው። ይህ በስልክ ላይ በጣት መስመር ለመሳል የሚፈቅድ ማንኛውም መተግበሪያ ላይ በቅጽበት ይሠራል።

ሪም ላይቱን የሚመለከተው ምርመራ አጭር ነው። በዕቃው ግራ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ካለ በነጸብራቁም ግራ ጠርዝ ላይ መኖር አለበት። ሁለት ኤርፖዶች ጎን ለጎን ካሉ ብርሃኑ በሁለቱም ላይ ከአንድ አቅጣጫ መምጣት አለበት። የመስመሩ ውፍረትም ይናገራል፤ የስልክ ጠፍጣፋ ጠርዝ ላይ መስመሩ ቀጭንና ስለታም ነው፣ የኤርፖድ ክብ ግንድ ላይ ደግሞ ሰፋና ለስለስ ይላል፣ የሲሊኮን ጫፉ ላይ እምብዛም አይታይም፤ ሲሊኮን አያብረቀርቅምና። ሁሉም ላይ እኩል ውፍረት ያለው ነጭ መስመር ካለ ብርሃን ሳይሆን የተቀባ ቀለም ነው የሚመስለው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ብርሃን ነው። ስለ ዕቃው ራሱ ያለው ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ዳሰሳው ወደ ፍርድ የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ባለሱቅ የሚከተላቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው፤ ሁሉንም በካሜራ መሥራት፣ ሁሉንም በጽሑፍ ማዘዝ፣ ወይም የዕቃውን እውነተኛ ፎቶ አንሥቶ ዙሪያውን ብቻ ማዘዝ።

በካሜራ መሥራት የሚመስለውን ያህል ውድ አይደለም። የማስታወቂያ ሰሌዳና ፊደል የሚቆርጡ ቤቶች የጥቁር አክሪሊክ ቁርጥራጭ አያጡም፤ ለአንድ ስልክ 40 በ60 ሴንቲሜትር ይበቃል። ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ከኋላ፣ መሐንዲሶች ፕላን የሚሠሩበት ዓይነት አሳላፊ ወረቀት ከላይ፣ ሌላው ሁሉ ጨለማ። አስቸጋሪው አቧራው ነው። አክሪሊክ ሲጠረግ ይበልጥ አቧራ ይስባል፤ በጨርቅ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛልና። በመንገድ ዳር ያለ ሱቅ ውስጥ አንዱን ሲያነሡት ሌላው ያርፋል፤ ጎላ ብሎ ሲታይ ጥቁሩ ወለል ነጠብጣብ ይሞላዋል። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን እስካሁን የተሻለው ውጤት ከዚህ ነው የሚገኘው፤ ፊዚክሱ ራሱ ስለሚሠራው የሚሳሳት ነገር የለም።

ሁሉንም በጽሑፍ ማዘዝ ቀላሉ ነው፣ ለሻጭም አደገኛው እሱ ነው። መሣሪያው የሚሠራው የቴክኖ ካሞን ወይም የኦራይሞ ፍሪፖድስ የሚመስል ዕቃ ነው እንጂ ራሱን ዕቃውን አይደለም። የካሜራው ሌንሶች ቁጥር ይቀየራል፤ የቻርጅ ቀዳዳው ቦታ ይዛወራል፤ የምርት ስሙ ፊደል ይደናገራል። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ፣ በተለይ በአማርኛ ከሆነ፣ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለሚሠራ ሰው ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቁር እንዲሆን ማዘዝና እውነተኛውን የስክሪን ፎቶ በኋላ በእጅ መለጠፍ ይሻለዋል። ለአንድ የተለየ ሞዴል ሽያጭ ግን ይህን መንገድ አልመክርም። ለሱቁ አጠቃላይ ባነር፣ ማንኛውንም ሞዴል ለማይወክል ምስል፣ ይሆናል።

በአማርኛ ማዘዝ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ትውልዶች ጽሑፉን የሚያነቡበት ክፍል የተማረው በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውም 77 ቁራጭ ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል አንዱ ሁለትም ሦስትም ቁራጭ ሊሆንበት ስለሚችል አንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቦታውን ይጨርሰዋል፤ የገባውም ትርጉም አልባ ይሆንበታል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የመጡት በቻትጂፒቲና በጀሚናይ ውስጥ ያሉት የምስል ሥራዎች ግን በትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ስለተገነቡ በአማርኛ የተጻፈን ሐሳብ ይረዳሉ። የብርሃን ዕቃዎችን ስም ግን በእንግሊዝኛው መተው ይሻላል፤ መሣሪያው እነዚያን ስሞች ከፎቶዎቹ ጋር አገናኝቶ ያወቀው በዚያ ቋንቋ ነው።

አይሁን ብሎ ማዘዝም ሌላው መሰናከያ ነው። ገመድ አይኑር ብለው ሲጽፉ ገመድ የሚመጣባቸው ሰዎች ይገረማሉ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ገመድ የሚለውን ቃል ከአይኑር ይልቅ አጥብቀው ይሰሙታል። በሚድጆርኒ የማይፈለገው ነገር ከፕሮምፕቱ መጨረሻ `--no text, cables, hands` ተብሎ ለብቻው ይገባል፤ ስቴብል ዲፊውዥን ለዚህ የተለየ ሳጥን አለው። ሌላው ቦታ የሚበጀው የሚፈለገውን ብቻ መጻፍ ነው፤ ባዶ ጠረጴዛ የሚለው ገመድ የሌለበት ከሚለው ይሻላል።

ሦስተኛው መንገድ፣ እውነተኛውን ፎቶ ይዞ ዙሪያውን ማዘዝ፣ ለመካኒሳ ባለሱቅ የምመርጥለት ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ፎቶሾፕ የተመረጠን ቦታ ብቻ በጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት አስገባ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎችም ፎቶ ተቀብለው ይለውጣሉ። አሠራሩ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ፎቶው ሲነሣ ብርሃኑ በኋላ ከሚታዘዘው ስቱዲዮ ጋር መስማማት አለበት። በሪንግ ላይት የተነሣ ስልክ ጥቁር ስቱዲዮ ውስጥ ቢገባ መስታወቱ ላይ ያለው ነጭ ቀለበት ይከተለዋል፤ በስቱዲዮው ውስጥ ግን ቀለበት የሚመስል መብራት የለም፤ ሐሰቱ እዚያው ይጋለጣል።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ባለሱቁ የያዘው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጀርባ ያለው ስልክ ነው። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የጣሪያው መብራት ይጠፋል። ስልኩ በጥቁር ካርቶን ላይ በጎኑ ይቆማል፤ ከኋላው በግራ በኩል አንድ ረጅም የኤልኢዲ መብራት በቁሙ ይደገፋል። ፎቶ አንሺው የሚያነሣበትን ስልክ ይዞ ዝቅ ይላል፣ መብራቱንም የግራው ጠርዝ ላይ ቀጭን ያልተቆራረጠ መስመር እስኪመጣ ድረስ በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል። መስመሩ ሲሰፋ መብራቱ ወደ ፊት በጣም መጥቷል ማለት ነው፤ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ኋላ በጣም ሄዷል። ጀርባው ላይ የፎቶ አንሺው እጅ ከታየ ጥቁር ልብስ መልበስ ወይም ስልኩን በጥቂቱ ማዞር ያስወግደዋል። ፎቶው ከተነሣ በኋላ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
Keep the phone exactly as photographed: shape, cameras,
logo, edges and the highlight on the left side. Replace only
the surface and background with glossy black acrylic in a
dark studio, light coming from behind left. Add the phone's
reflection in the acrylic, meeting its bottom edge and fading
downward.
```

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነጸብራቁ ሳይሆን ስልኩ ነው። እንዳለ ተው የተባለውን እንኳ መሣሪያዎቹ አንዳንዴ እንደገና ይስሉታል። ዋናውን ፎቶ ከጎኑ አድርጎ የካሜራ ሌንሶቹን፣ የፍላሹን ቦታና የምርቱን ስም ማነጻጸር ግድ ነው። ልዩነት ካለ ቀላሉ መፍትሔ ከዋናው ፎቶ ስልኩን ቆርጦ በአዲሱ ጀርባ ላይ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ ከአዲሱ የሚፈለገው ወለሉና ጨለማው ብቻ ስለሆነ።

ምስሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ቴሌግራም ፎቶን ሲያስተላልፍ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። ከጥቁር ወደ ግራጫ ቀስ ብሎ የሚሄድ ብርሃን በዚህ ጊዜ ይሰባበርና ደረጃ በደረጃ የተሠራ እርከን ይመስላል። ከመለጠፉ በፊት በማረሚያ መተግበሪያ ትንሽ ግሬን መጨመር ይህን ይቀንሰዋል፤ ለደንበኛ በተናጠል ሲላክ ደግሞ እንደ ፋይል መላክ ጥራቱን እንዳለ ያቆየዋል።

የቀረው የሕግና የእምነት ጉዳይ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በፕሮምፕት የተሠራ ጥቁር ወለል ማንንም አያሳስትም፤ ገዢው የሚገዛው ወለሉን አይደለም። ዕቃው ራሱ በመሣሪያ ተስሎ ሲቀርብ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በሌለ ሌንስ፣ በሌለ ጠርዝ ዋጋ ይጠየቃል። ያገለገለ ስልክ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ መሣሪያው ስልኩን እንደገና ሲስል ጭረቱን ያጠፋዋል፣ የተሰነጠቀውን ጥግ ይጠግነዋል፣ ማንም ሳያዝዘው።

ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የምትሸጡ የመካኒሳ ባለሱቆች ሆይ፣ ሂሮ ሾቱን ለአዲስ ዕቃ አድርጉት። ላገለገለው በቀን ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ያልተነካካ ፎቶ አውጡ፤ ጭረቱ ያለበትን ጎንም ከፊት አስቀድሙ።